ለአንድ ቀን ፈቃድ ስንት ቀን ቀድሞ፣ ለሦስት ሳምንትስ?

የፈቃድ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ሁለት ቅሬታዎች ይሰማሉ። ሠራተኛው «ለአንዲት ቀን ፈቃድ ወር ቀድመህ ጠይቅ ተባልኩ» ይላል። አለቃው ደግሞ «የሦስት ሳምንት ፈቃድ ሊጀመር አምስት ቀን ሲቀረው ይዘውልኝ ይመጣሉ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ዘለው ያልፋሉ። ያ ቀድሞ የሚጠየቅበት ጊዜ ምን ሊሠራበት ነው?

ይህ ካልታወቀ የቀኑ ቁጥር የጉልበት ጉዳይ ይሆናል። አንዱ ያስረዝማል፣ ሌላው ያሳጥራል። ሲታወቅ ግን ለአጭር መቅረት ስንት ቀን፣ ለረጅም ስንት ሳምንት እንደሚበቃ በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል። ስሌቱ ደግሞ ብዙ ሰው ከሚገምተው ይለያል። የአንድ ቀን ፈቃድ አንዳንዴ ሰባት ሳምንት ሊፈልግ ይችላል። አንድ ዓመት ሙሉ የሚወስድ ፈቃድ ደግሞ የሁለት ዓመት ማስታወቂያ አይፈልግም።

ከዚህ በታች የምናየው በዋናነት አስቀድሞ የሚታወቅ መቅረትን ነው። የዓመት ፈቃድ፣ የግል ጉዳይ፣ የወሊድ ፈቃድ የመሳሰሉትን ማለት ነው። ድንገተኛው የራሱ ሕግ ስላለው ወደ መጨረሻው እናየዋለን።

## የእጥፍ ሕግ ከየት መጣ?

በብዙ መሥሪያ ቤቶች «ኖቲስ» ሲባል ይሰማል። ቅድመ ማስታወቂያ ማለት ነው፤ ጥያቄው ከገባበት ቀን አንስቶ ፈቃዱ እስከሚጀምርበት ቀን ያለው ጊዜ። ስለዚህ ጊዜ ርዝመት በሰፊው የሚታወቀው መለኪያ የእጥፍ ሕግ ነው። ለምትቀርበት እያንዳንዱ ቀን ሁለት ቀን ቀድመህ ጠይቅ ይላል። አምስት ቀን ለመቅረት አሥር ቀን፣ አሥር ቀን ለመቅረት ሃያ ቀን።

ይህ እንዲያው የተፈጠረ የሥነ ሥርዓት ምክር አይደለም። በብሪታንያ የ1998ቱ የሥራ ሰዓት ደንብ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ሠራተኛው ከፈቃዱ ርዝመት እጥፍ ቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ብዙ ጊዜ ተቆርጦ የሚቀረው ግን ሁለተኛው ግማሽ ነው። አሠሪውም እምቢ ማለት ከፈለገ ቢያንስ ከፈቃዱ ርዝመት እኩል ቀን ሲቀረው መናገር አለበት። ለአሥር ቀን ፈቃድ ሠራተኛው ሃያ ቀን ሲቀረው ይጠይቃል። አሠሪው ክልከላ ካለው አሥር ቀን ሳይቀረው በፊት ማሳወቅ ይኖርበታል።

ሁለቱን አንድ ላይ ሲያዩአቸው ሕጉ ለምን እጥፍ እንዳለ ይገባል። ጊዜው ለሁለት ተከፍሏል። የመጀመሪያው ግማሽ የአለቃው ነው። ማን ይሸፍናል፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ጠይቋል ወይ፣ ሥራው ይቻላል ወይ የሚለውን ያይበታል። ሁለተኛው ግማሽ የሠራተኛው ነው። እምቢ ከተባለ ዕቅዱን ያስተካክልበታል፤ ከተፈቀደለት ሥራውን ያስረክብበታል። ስለዚህ ሠራተኛውን እጥፍ ቀድመህ አሳውቅ የሚል መመሪያ ስለ መልስ መስጫ ቀን ዝም ካለ፣ ግማሹን ሕግ ብቻ ነው የወሰደው። ጥያቄው በጊዜው ገብቶ መልሱ ፈቃዱ ሊጀምር አንድ ቀን ሲቀረው ከመጣ ሃያው ቀን ለምንም አልጠቀመም።

ይህ ሁለትዮሽ ግዴታ በሌሎች አገሮችም ይታያል። አቅጣጫው ብቻ ይለያል። በ1970 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ዓመት ፈቃድ የተስማማበት ስምምነት ቁጥር 132፣ በሕግ ወይም በኅብረት ስምምነት ካልተወሰነ በስተቀር ቀኑን የሚቆርጠው አሠሪው ነው ይላል። ይህን የሚያደርገው ግን ሠራተኛውን አማክሮ ነው። የሥራውን ፍላጎትም፣ ሠራተኛው የማረፍ ዕድሉንም ማየት አለበት። ቀኑን አሠሪው በሚቆርጥበት ቦታ ማስታወቂያ የመስጠት ዕዳውም ወደ እሱ ይዞራል። በዴንማርክ ዋናውን እረፍት አሠሪው ሦስት ወር ቀድሞ፣ ቀሪውን አንድ ወር ቀድሞ ማሳወቅ አለበት። በፈረንሳይ ደግሞ መውጫው አንድ ወር ብቻ ሲቀረው፣ ልዩ ሁኔታ ካልገጠመ በቀር፣ አሠሪው ቀኑን መቀየር አይችልም።

የእጥፍ ሕግ ለመነሻ ጥሩ ነው። ግን በሁለቱ ጫፎች ላይ ይሰበራል። በጣም አጭር ሲሆን ያንሳል፣ በጣም ረጅም ሲሆን ይበዛል። ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንየው።

## አንድ ቀን፣ ግን ሰባት ሳምንት

ስምንት ሠራተኞች ያሉት የደንበኞች አገልግሎት ክፍል እናስብ። ሥራው እንዲሄድ በየቀኑ ቢያንስ ስድስት ሰው መኖር አለበት። ስለዚህ በአንድ ቀን ሁለት ሰው ብቻ መቅረት ይችላል። ሥራው በፈረቃ ነው። የፈረቃ ድልድሉ፣ በተለምዶ ሮስተር የሚባለው ሠንጠረዥ፣ ለአራት ሳምንት አንድ ጊዜ ይወጣል። የሚለጠፈው ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። የሚያዘጋጀው ሰው ደግሞ አንድ ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ የፈቃድ ጥያቄ የሚዘጋው ሠንጠረዡ ከመጀመሩ 21 ቀን በፊት ነው።

አሁን አንዲት ሠራተኛ የአንድ ቀን ፈቃድ ትፈልጋለች። ቀኑ የሠንጠረዡ የመጀመሪያ ቀን ከሆነ 21 ቀን ቀድማ ብትጠይቅ ይበቃል። የሠንጠረዡ የመጨረሻ ቀን፣ ማለትም 28ኛው ቀን ከሆነስ? መዝጊያው ያው ነው። ከዚያ ቀን ወደኋላ ሲቆጠር 48 ቀን ይሆናል። ሰባት ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን የቀረው ማለት ነው። የሥራው ዓይነት፣ የፈቃዱ ርዝመት፣ ሠራተኛዋ ራሷ አልተለወጡም። የተለወጠው ቀኑ ከመዝጊያው ያለው ርቀት ብቻ ነው።

«ለአንድ ቀን ስንት ቀን ቀድሜ ልጠይቅ?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የማይኖረው ለዚህ ነው። ፈረቃ ባለበት ቦታ ትክክለኛው ጥያቄ «ያ ቀን ያለበት ድልድል መቼ ይዘጋል?» ነው። ብዙ ሠራተኞች «ባለፈው በሦስት ሳምንት ተፈቅዶልኝ አሁን ለምን እምቢ ተባልኩ» ብለው ይናደዳሉ። አድልዎ የሚመስላቸው ነገር ብዙ ጊዜ የካላንደር ጉዳይ ነው። አለቆችም ይህን አያስረዱም። የመዝጊያ ቀኖቹን የዓመቱን ሙሉ በአንድ ገጽ ቢለጥፉ ይህ ሁሉ ንትርክ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

ከመዝጊያው በኋላስ? በሩ አልተዘጋም፤ ግን ሌላ በር ነው። ሠንጠረዡ ከተለጠፈ በኋላ የሚቻለው ቅያሪ ነው። ሠራተኛዋ ቀኗን የሚወስድላት ባልደረባ ፈልጋ፣ በምትኩ የእሱን ቀን ትሸፍናለች። እዚህ ላይ ሁለት ቀን ሊበቃ ይችላል። ምክንያቱም ሰው የማግኘቱን ሥራ የሠራችው ራሷ ናት። አለቃው የሚያየው ተተኪው ያንን ሥራ ይችላል ወይ፣ በሁለት ፈረቃ መካከልስ በቂ እረፍት አለው ወይ የሚለውን ብቻ ነው።

ፈረቃ በሌለበት ቢሮ ነገሩ ይቀላል። እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ይዞ በሚቀመጥበት ቦታ የአንድ ቀን መቅረት ሰው አያስተካም። ሥራው ይጠብቃል። እዚያ የሚያስፈልገው ያ ቀን ላይ የተቀጠረ ስብሰባ ወይም ማስረከቢያ ካለ ለማዛወር የሚበቃ ጊዜ ነው። ስብሰባ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ስለሚያዝ፣ ከሦስት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ይበቃል። ለእንዲህ ያለ ቢሮ «አንድ ወር ቀድማችሁ» የሚል መመሪያ ምን ሥራ እንደሚሠራበት ማንም ሊያስረዳ አይችልም።

## ሦስት ሳምንት ሲሆን ሥራው ይለወጣል

እስከ ሁለት ሦስት ቀን ድረስ ያለ መቅረት የመሸፈን ጉዳይ ነው። ባልደረቦች ትንሽ ትንሽ ይካፈሉታል፣ የቀረው ይጠብቃል። ከአንድ ሳምንት ሲያልፍ ግን መጠበቅ የማይችል ሥራ መድረስ ይጀምራል። ሦስት ሳምንት ሲሆን በወር አንድ ጊዜ የሚሠራ ሥራ በዚያ መሃል የመውደቁ ዕድል ሰፊ ነው። የወር ሪፖርት፣ የክፍያ ዝርዝር፣ የዕቃ ቆጠራ። እነዚህን ሌላ ሰው በምትኩ መሥራት አለበት። ለመሥራት ደግሞ ማወቅ አለበት።

በዚያው ክፍል ውስጥ የወር ሪፖርቱን የሚያዘጋጅ አንድ ሠራተኛ አለ እንበል። ሦስት ሳምንት ሊወጣ ነው፤ የሚቀጥለው ሪፖርት ቀን በዚያ መሃል ይውላል። ከመውጫው ቀን ወደኋላ እንቁጠር። የመጨረሻው ሳምንት ለርክክብ ይሄዳል። ያልተቋጩ ጉዳዮችን መጻፍ፣ የይለፍ ፈቃዶችን በተተኪው ስም ማስከፈት፣ ደንበኞችን ማሳወቅ። ከዚያ በፊት ተተኪው ሪፖርቱ ሲሠራ አንድ ጊዜ አብሮ ማየት አለበት። ሪፖርቱ በወር አንዴ ስለሆነ ይህ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በፊት ደግሞ አለቃው ፈቅዶ ተተኪውን መመደብ አለበት፤ አንድ ሳምንት እንስጠው። ድምሩ ስድስት ሳምንት ይመጣል።

የእጥፍ ሕግም ለሦስት ሳምንት ስድስት ሳምንት ይላል። እዚህ ሁለቱ ተገጣጠሙ። መካከለኛ ርዝመት ላለው ፈቃድ የእጥፍ ሕግ ጥሩ ስም ያገኘው በዚህ ነው። ግን መገጣጠሙ የአጋጣሚ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ተተኪው ባለፈው ዓመትም ሪፖርቱን የሠራ ሰው ከሆነ የማየቱ ወር ይቀራል። ያን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሊበቃ ይችላል። ሥራው በሦስት ወር አንዴ የሚመጣና ከእሱ በቀር የሚያውቀው የሌለ ከሆነ ደግሞ ስድስት ሳምንትም አይበቃም። ቅድመ ማስታወቂያውን የሚያስረዝመው የፈቃዱ ርዝመት ብቻ ሳይሆን «ይህን ሥራ ሌላ ማን ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ርክክቡ ጊዜ እንዳነሰው በምን ይታወቃል? ፈቃድ ላይ ያለው ሰው ስልኩ መጮህ ሲጀምር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አንድ ሁለት ጥሪ የተለመደ ነው። በሁለተኛው ሳምንትም «ያ ፋይል የት ነው?» የሚባል ከሆነ ፈቃዱ በወረቀት ተሰጥቷል እንጂ በእርግጥ አልተሰጠም። ከላይ የጠቀስነው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ፈቃድ በተከፋፈለ ጊዜ እንኳ አንዱ ክፍል ቢያንስ ሁለት ያልተቋረጡ ሳምንታት እንዲሆን የሚያዘው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ እረፍት የሚባለው እንዲህ ሳይቆራረጥ ሲገኝ ነው ከሚል እሳቤ ነው።

## ሁሉም የሚፈልገው ሳምንት

እስካሁን ያየነው ከሥራው አንፃር ነው። ረጅም ፈቃድን ይበልጥ የሚያስቀድመው ግን ሌላ ነገር ነው። ሌሎች ሰዎች ያንኑ ቀን መፈለጋቸው።

ወደ ስምንቱ ሠራተኞች እንመለስ። እያንዳንዳቸው በዓመት 20 የሥራ ቀን ፈቃድ አላቸው እንበል። በድምሩ 160 ቀን ነው። በዓመት ወደ 260 የሥራ ቀን አለ፤ በየቀኑ ሁለት ክፍት ቦታ ስላለ 520 ቦታ ይኖራል። 160 ለ520። ከሦስት አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቦታ ሞልቷል። ታዲያ ለምንድን ነው ሰው የሚከለከለው?

ምክንያቱም ስምንቱም የሚፈልጉት ያንኑ አራት ሳምንት ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወይም ትልቅ በዓል የሚውልበት ጊዜ። አራት ሳምንት ማለት 20 የሥራ ቀን ነው፤ ሁለት ሁለት ቦታ ሲሆን 40 ቦታ። ስምንቱም በዚያ ጊዜ አሥር አሥር ቀን ከጠየቁ ፍላጎቱ 80 ነው። ግማሹ አይስተናገድም። እዚህ ላይ ሁለት ወር ቀድሞ መጠየቅም ምንም ላይፈይድ ይችላል፤ ሌላው አራት ወር ቀድሞ ጠይቆ ከሆነ።

ለዚህ ነው በተጣበበ ወቅት የሚወሰድ ረጅም ፈቃድ የእጥፍ ሕግን የማይከተለው። የሚከተለው የእሽቅድምድም ሕግን ነው። እሽቅድምድም ደግሞ የራሱ ጉዳት አለው። «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል» የሚለው አሠራር ፍትሐዊ ይመስላል። ግን ዕቅዱን ቀድሞ ማወቅ የሚችል ሰው ሁልጊዜ ያሸንፋል። አዲስ የተቀጠረው፣ የትዳር ጓደኛው የፈረቃ ሠራተኛ የሆነው፣ ሕመምተኛ የሚያስታምመው ቀኑን ቀድሞ መቁረጥ አይችልም። ከዚህ የባሰው ሰዎች ያልወሰኑትን ቀን ቀድመው «ለማንኛውም» መያዛቸው ነው። ዓመቱ ሲጀምር ሠንጠረዡ ይሞላል። ቀኑ ሲደርስ ግማሹ ይሰረዛል። መሰረዙ የሚታወቀው ግን ለሌላው በማይጠቅምበት ሰዓት ነው።

የተሻለው መንገድ ለተጣበበው ወቅት ብቻ የጥያቄ መቀበያ ጊዜ መክፈት ነው ብዬ አምናለሁ። ለምሳሌ ከአምስት ወር በፊት ለሁለት ሳምንት ይከፈታል። በዚያ ውስጥ የገባ ሁሉ፣ በመጀመሪያውም ቀን ይግባ በመጨረሻው፣ እኩል ይታያል። ከቦታው በላይ ከተጠየቀ ባለፈው ዓመት ያላገኘው ይቀድማል። መልሱ በተወሰነ ቀን ለሁሉም አንድ ላይ ይሰጣል። የተረፈው ቦታ ከዚያ በኋላ ለቀደመ ይሆናል። ይህን የሚቃወሙ አለቆች «ሥራ ይበዛብናል» ይላሉ። ሥራው ግን አይጨምርም፤ በዓመት ውስጥ ተበታትኖ የነበረው ክርክር በሁለት ሳምንት ይጠቃለላል እንጂ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። የጉዞ ትኬት ከፈቃዱ መጽደቅ በፊት መቁረጥ። ሰዎች ይህን የሚያደርጉት ዋጋ እንዳይጨምርባቸው ነው፤ ይገባል። ነገር ግን የተቆረጠ ትኬት ለአለቃው የመወሰኛ ምክንያት አይሆንም፤ ሌላው ሠራተኛም ትኬት ቆርጦ ሊሆን ይችላል። ጥያቄ ማስገባት ፈቃድ ማግኘት አይደለም። ትኬቱ መቅደም ካለበት ጥያቄው ላይ «እስከዚህ ቀን መልስ ያስፈልገኛል፣ ምክንያቱም ዋጋው በዚህ ቀን ይለወጣል» ብሎ መጻፍ የተሻለ መንገድ ነው።

## ወራት ሲሆን ቁጥሩ ማደጉን ያቆማል

አሁን ወደ ሌላው ጫፍ እንሂድ። የአራት ወር ፈቃድ ነው። የእጥፍ ሕግ ስምንት ወር ቀድመህ ጠይቅ ይላል። የአንድ ዓመት ከሆነ ሁለት ዓመት። ይህ ስሜት እንደማይሰጥ ግልጽ ነው። ለምን አይሰጥም?

አራት ወር ባልደረቦች ሸፍነው የሚዘልቁት አይደለም። ጊዜያዊ ሠራተኛ ይቀጠራል ወይም ከሌላ ክፍል ሰው ይዛወራል። ቅጥር የራሱ ጊዜ አለው። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ይደረጋል፣ የተመረጠው ሰው የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን አሳውቆ ይለቃል፣ መጥቶ ይለማመዳል። ይህ ሁሉ በጥቅሉ ሦስት ወር ገደማ ይወስዳል፤ እንደ ሙያው ይረዝማል ወይም ያጥራል። ዋናው ነጥብ ግን ተተኪው ለአራት ወርም ይቀጠር ለአንድ ዓመት የቅጥሩ ጊዜ ያው መሆኑ ነው። ስለዚህ ቅድመ ማስታወቂያው አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ከፈቃዱ ርዝመት ጋር ማደጉን ያቆማል።

ሕጎችም ይህን ይመስላሉ። በብሪታንያ የወሊድ ፈቃድ እስከ 52 ሳምንት ይደርሳል። እናቲቱ ማሳወቅ ያለባት ግን ልጁ ይወለዳል ከሚባልበት ሳምንት በፊት ባለው 15ኛ ሳምንት ነው፤ ሦስት ወር ተኩል ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ለመቀየር ደግሞ 28 ቀን ይበቃል። በኒው ዚላንድም ለወላጅነት ፈቃድ የሚጠየቀው ሦስት ወር ነው። በአሜሪካ የ1993ቱ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ እስከ 12 ሳምንት የሚደርስ ፈቃድ ይሰጣል፤ ጉዳዩ ቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ የሚጠይቀው 30 ቀን ነው። ቀድሞ እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ለዘገየ ሰው መዘዙ ፈቃዱን ማጣት አይደለም። አሠሪው ፈቃዱን ማስታወቂያው ከደረሰው በኋላ 30 ቀን እስኪሞላ ሊያዘገየው ይችላል።

ይህ መዘዝ በራሱ ትምህርት ያለው ነው። ብዙ መመሪያዎች ዘግይቶ የገባን ጥያቄ በደፈናው ውድቅ ያደርጋሉ። መብቱ ያለው ሰው ስለዘገየ ብቻ መብቱን ካጣ ቅጣት ነው። የፈቃዱ መጀመሪያ ቀን ብቻ ከተገፋ ግን ጉድለቱን የሚተካ ነው፤ ለመዘጋጀት የጎደለው ጊዜ ተመልሶ ይገኛል።

እንግዲህ ሥዕሉ ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ደረጃ ነው። ለቀናት መቅረት ወሳኙ የድልድሉ መዝጊያ ነው። ለሳምንታት ወሳኙ ሥራውን ለሌላ ሰው ማሳወቅ ነው። ለወራት ወሳኙ ሰው መቅጠር ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ የሚያስፈልገው ጊዜ በአንድ ጊዜ ይዘላል፤ በዚያው ደረጃ ላይ ግን ብዙም አይለወጥም። አምስት ቀንና ሰባት ቀን ያን ያህል አይለያዩም። ስድስት ወርና አሥር ወርም እንደዚያው።

## «ለሁሉም አንድ ወር» የሚለው ክርክር

አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ይህን ሁሉ ትተው አንድ ቁጥር ያስቀምጣሉ። አጭርም ይሁን ረጅም 30 ቀን ቀድማችሁ አሳውቁ። የሰው ሀብት ክፍሎች ለዚህ የሚያቀርቡት ምክንያት አለ። አንድ ሕግ ለማስታወስ ይቀላል። ለአንዱ አሥር ቀን ለሌላው ሃያ ተባለ የሚል ወቀሳም አይመጣም።

ተቃራኒው ወገን የሚለው ሰው ሕይወቱን በወር ቀድሞ አያውቅም ነው። የልጅ ትምህርት ቤት ስብሰባ በሳምንት ውስጥ ይጠራል። የቤት ኪራይ ውል መፈራረሚያ በሦስት ቀን ይቆረጣል። ሠራተኛው ለእንዲህ ያለው ቀን ሕጋዊ በር ካጣ ሁለት ምርጫ ይቀረዋል። ጉዳዩን መተው፣ ወይም በዚያ ቀን ጠዋት ደውሎ «አሞኛል» ማለት። ሁለተኛውን ከመረጠ መሥሪያ ቤቱ ያገኘው ቅድመ ማስታወቂያ 30 ቀን አይደለም፤ 30 ደቂቃ ነው። ሦስት ቀን ቢፈቀድለት ኖሮ ሦስት ቀን ያሳውቅ ነበር።

በዚህ ክርክር ውስጥ ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ወገን ያዘነብላል። ምልክቱም በቀላሉ ይታያል። በአንድ ክፍል ውስጥ የአንድ ቀን የሕመም ፈቃድ ከበዓል በፊትና በኋላ ባሉ ቀናት፣ ወይም በሰኞና በዓርብ የሚበዛ ከሆነ፣ ሠራተኛውን ከመጠርጠር በፊት የአጭር ፈቃድ መጠየቂያ ጊዜውን ማየት ያስፈልጋል። ደንቡ ራሱ ሰዎችን ወደዚያ እየገፋ ሊሆን ይችላል።

አንድ ቁጥር የሚሠራበት ቦታ የለም ማለት ግን አይደለም። ሁሉም በአንድ ሠንጠረዥ በሚደለደልበት ፋብሪካ የመዝጊያው ቀን ለሁሉም አንድ ነው። እዚያም ቢሆን መመሪያው «30 ቀን» ከሚል «ድልድሉ ከመዘጋቱ በፊት፤ ከዚያ በኋላ በቅያሪ» ቢል ይሻላል።

## ቀኑ ሲቆጠር የሚፈጠረው ስህተት

ጥያቄዎች የሚወድቁበት ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። «አሥር ቀን ቀድሞ» ሲባል የሥራ ቀን ነው ወይስ የካላንደር ቀን? በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው አሥር የሥራ ቀን ሁለት ሳምንት ነው። አሥር የካላንደር ቀን አንድ ሳምንት ከሦስት ቀን ነው። የአራት ቀን ልዩነት አለ፤ መሃል ላይ በዓል ካለ ደግሞ ይሰፋል። መመሪያው ግልጽ ካልሆነ ረጅሙን ቆጠራ መያዝ ከክርክር ያድናል።

ሌላው የጥያቄው ቀን የቱ ነው የሚለው ነው። በቃል የተነገረበት፣ በኢሜይል የተላከበት፣ ወይስ ቅጹ የሰው ሀብት ክፍል የደረሰበት? በቃል «እሺ ችግር የለም» ያለ አለቃ ከወር በኋላ ላያስታውሰው ይችላል። ወይም ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። በቃል ከተነጋገሩ በኋላ በዚያው ቀን «በተነጋገርነው መሠረት ከዚህ እስከዚህ ቀን» የሚል ሁለት መስመር መላክ ቀኑን ይተክላል። ደብዳቤው ሦስት ነገር ቢይዝ ይበቃል፦ የመጀመሪያው የመቅረት ቀን፣ ወደ ሥራ የሚመለሱበት ቀን፣ ሥራውን ማን ሊይዝ እንደሚችል የቀረበ ሐሳብ። «እስከ 15 ድረስ» የሚለው አጻጻፍ ጥሩ አይደለም። በ15 ይገባል ወይስ አይገባም? «በ16 ሥራ እገባለሁ» ሲባል ጥያቄ አይኖርም።

## ቀድሞ የማይታወቀው

ሕመም፣ ሐዘን፣ የልጅ አደጋ ቅድመ ማስታወቂያ አያውቁም። እዚህ ላይ መለኪያው ከርዝመት ወደ ፍጥነት ይለወጣል። ጥያቄው «ስንት ቀን ቀድመህ?» ሳይሆን «ካወቅህ በኋላ በስንት ሰዓት?» ይሆናል። ከላይ የጠቀስነው የአሜሪካው ሕግም በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚለው «በተቻለ ፍጥነት» ነው። ይህም ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የሥራ ቀን ማለት ነው።

ልዩነቱ የሚደበዝዘው መሃል ላይ ነው። የወር ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው ሠራተኛ በስድስት ሳምንት ውስጥ ቀዶ ሕክምና እንደሚያደርግ ተነግሮታል እንበል፤ ቀኑ ግን አልተቆረጠም። ብዙዎች ቀኑ እስኪቆረጥ ይጠብቃሉ። ከዚያ አሥር ቀን ሲቀረው ይናገራሉ። አለቃው ስድስት ሳምንት ሊጠቀምበት ይችል የነበረውን ጊዜ ያጣል። የተሻለው በሁለት ደረጃ ማሳወቅ ነው። መጀመሪያ «በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ውስጥ ሦስት ሳምንት ገደማ ለሕክምና እቀራለሁ፤ ቀኑን ሆስፒታሉ እንደነገረኝ አሳውቃለሁ» ይባላል። የሕመሙን ዓይነት ለአለቃ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ለርክክብ የሚጠቅመው ርዝመቱ ነው። ቀኑ ሲታወቅ ሁለተኛው መልእክት ይሄዳል። በዚያን ጊዜ ተተኪው የወር ሪፖርቱን አንድ ጊዜ አብሮ አይቶ ጨርሷል፤ የቀረው የአንድ ሳምንት ርክክብ ብቻ ነው፣ ለዚያም አሥር ቀን ይበቃል።